«ዓይን በዓይን»፦ ሕጉ ለምን ተደነገገ? አይሁዶችስ እንዴት ፈረዱበት?

«ዓይን በዓይን» የሚለውን አባባል ያልሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ጎረቤቶች ተጣልተው አንዱ ብድሩን ለመመለስ ሲነሳ ይጠቅሰዋል። ሁለት መንግሥታት ሚሳይል ሲወራወሩም ዜና አቅራቢው ይጠቅሰዋል። በሁለቱም ቦታ የሚሰጠው ትርጉም አንድ ነው፤ በቀል። ከዚህም የተነሳ ብዙ ሰው በሙሳ (ዐ.ሰ) ሕግ የሚተዳደሩት አይሁዶች ጥፋተኛውን አስረው ዓይኑን ሲያወጡ፣ ጥርሱን ሲያወልቁ የኖሩ ይመስለዋል።

ጉዳዩ ለእኛ ለሙስሊሞች ሩቅ አይደለም። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ 45ኛ አንቀጽ ላይ ይህ ሕግ በተውራት ውስጥ ለበኒ ኢስራኢል የተደነገገ መሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን ማንሳት ተገቢ ነው። ሕጉ ሲመጣ የትኛውን ችግር ሊፈታ ነበር? አይሁዶችስ ፍርድ ቤታቸው ውስጥ ምን አደረጉበት? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙዎችን የሚያስገርም ነው።

ከሕጉ በፊት የነበረው ዓለም

መንግሥትና ፍርድ ቤት ባልጠነከረበት ማኅበረሰብ ውስጥ የሰው ደኅንነት የሚጠበቀው በጎሳው ነው። አንድ ሰው ሲመታ የተመታው ጎሳው ነው። ብድሩን የሚመልሰውም ጎሳው ነው። ችግሩ ያለው በልኩ ላይ ነው። አንድ ጥርስ የተሰበረበት ወገን አንድ እጅ ይሰብራል፤ እጅ የተሰበረበት ወገን ሰው ይገድላል፤ ሰው የተገደለበት ወገን ደግሞ አንድ ሰው ገድሎ አይረካም፤ ከገዳዩ ወገን ታዋቂውን ሰው መርጦ ይፈልጋል። በአገራችን «ደም መመለስ» የሚባለውን ልማድ የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት ትውልድ እንደሚጨርስ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የኦሪት ዘፍጥረት አራተኛ ምዕራፍ ይህንን ስሜት በአንድ ሰው ታሪክ ያሳያል። ከቃቢል ዘር የሆነው ላሜህ የተባለ ሰው ስላቆሰለኝ ብሎ ሰው መግደሉን ለሚስቶቹ ይፎክራል። ቃቢልን የነካ ሰባት እጥፍ የሚከፍል ከሆነ እኔን የነካ ሰባ ሰባት እጥፍ ይከፍላል ይላል። የበቀል ተፈጥሮ ይህ ነው፤ ሁልጊዜ ከተወሰደበት በላይ ይፈልጋል።

እንግዲህ «ዓይን በዓይን» የሚለው ሕግ የመጣው ለዚህ ዓለም ነው። ትኩረቱም ቁጥሩ ላይ ነው። ለአንድ ዓይን አንድ ዓይን እንጂ ሁለት ዓይን አይደለም። ለዓይን ነፍስ አይደለም። ከጥፋተኛው እንጂ ከወንድሙ ወይም ከልጁ አይደለም። ዛሬ የበቀል መፈክር ሆኖ የሚጠራው ሕግ በጊዜው ለበቀል የተደረገ አጥር ነበር። ቅጣቱንም ከተጎጂው ቤተሰብ እጅ አውጥቶ ወደ ዳኛ ፊት አመጣው።

የሐሙራቢ ሕግና ልዩነቱ

ቀመሩ በተውራት ብቻ የሚገኝ አይደለም። የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕጎቹን በጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። ድንጋዩ እ.ኤ.አ. በ1901 እና 1902 በኢራን በሱሳ ፍርስራሽ ውስጥ ተቆፍሮ ወጥቶ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ቆሟል። በእርሱ ላይም የሰው ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጥፋ የሚል ድንጋጌ አለ።

ነገር ግን የሐሙራቢ ሕግ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ዓይኑ የጠፋው ሰው ማን ነው?» ብሎ ነው። የተጎዳው እንደ ጉዳት አድራሹ ያለ ጨዋ ከሆነ ዓይን በዓይን ይፈረዳል። ተጎጂው ተራ ሰው ከሆነ ግን ጨዋው የሚከፍለው 60 ሰቅል ብር ነው። ተጎጂው ባሪያ ከሆነ የዋጋውን ግማሽ ይከፍላል። ሌላም ድንጋጌ አለ። አንድ ግንበኛ የሠራው ቤት ተደርምሶ የባለቤቱን ልጅ ከገደለ፣ የሚገደለው ግንበኛው ሳይሆን የግንበኛው ልጅ ነው።

ተውራት በሁለቱም ነጥቦች ላይ ይለያል። በኦሪት ዘሌዋውያን 24ኛ ምዕራፍ «ዓይን በዓይን» ከተባለ በኋላ ሕጉ ለአገር ተወላጁም ለመጻተኛውም አንድ መሆኑ ወዲያው ይነገራል። የባለጸጋ ዓይንና የድሃ ዓይን አንድ ዋጋ አላቸው ማለት ነው። በኦሪት ዘዳግም 24ኛ ምዕራፍ ደግሞ አባት በልጁ ጥፋት፣ ልጅም በአባቱ ጥፋት እንዳይገደል ተከልክሏል። ባሪያውን መትቶ ዓይኑን ያጠፋ ወይም ጥርሱን ያወለቀ ጌታም በኦሪት ዘጸአት 21ኛ ምዕራፍ መሠረት ባሪያውን ነጻ ማውጣት አለበት። በሐሙራቢ ሕግ ለባሪያው ዓይን ካሳ የሚቀበለው ጌታው ሲሆን፣ እዚህ ግን የዓይኑን ዋጋ የሚያገኘው ባሪያው ራሱ ነው፤ ዋጋውም ነጻነቱ ነው።

ቃሉ እንደተጻፈ ነው ወይስ ካሳ ነው?

ሕጉ በተውራት ውስጥ በሦስት ቦታ ተጠቅሷል። በዘጸአት 21 ሰዎች ሲጣሉ ነፍሰ ጡር ሴት ብትመታ ከሚለው ጉዳይ ጋር፣ በዘሌዋውያን 24 ባልንጀራውን ስላጎደለ ሰው፣ በዘዳግም 19 ደግሞ በሐሰት ስለመሰከረ ሰው ተነግሯል። በሦስቱም ቦታ ቃሉ ጥብቅ ነው። ሆኖም ከ«ዓይን በዓይን» ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው በዘጸአት 21 ውስጥ ሌላ ድንጋጌ አለ። ሰው ባልንጀራውን በድንጋይ ወይም በጡጫ መትቶ አልጋ ላይ ቢጥለውና ተጎጂው ተነስቶ ቢሄድ፣ የመታው ሰው ሥራ የፈታበትን ኪሣራና የሕክምናውን ወጪ ይከፍላል። እዚህ ቦታ ስለ ቁስል በቁስል አልተነገረም። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ልዩነት አይተው ጥያቄ አነሱ።

መልሱ ላይ በመጀመሪያ ሁሉም አልተስማሙም። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ሕጉን ሲያብራራ፣ አካል ያጎደለ ሰው ያንኑ አካል ያጣል፤ ተጎጂው ገንዘብ መቀበል ከመረጠ ግን የጉዳቱን ዋጋ የመተመን መብት የራሱ ነው ይላል። የአይሁድ ትውፊት ሰዱቃውያን የተባለው ወገን ቃሉን እንደተጻፈ ይወስድ እንደነበር ያወሳል። ፈሪሳውያንና ከእነርሱ በኋላ የመጡት ረቢዎች ግን ሕጉ የሚያዘው ካሳን ነው ብለው ደመደሙ። እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ ሚሽና የተባለው የሕግ መድበል ሲሰበሰብ ጉዳዩ አልቆ ነበር። ስለ አካል ጉዳት የሚናገረው የሚሽና ምዕራፍ ዓይን ስለማውጣት ምንም አያነሳም፤ በቀጥታ ስለ ክፍያ ይጀምራል።

ከሚሽና በኋላ የመጣው ታልሙድ ይህ ትርጓሜ ከየት እንደመጣ ረጅም ክርክር አስፍሯል። ከክርክሮቹ ሦስቱን ማየት በቂ ነው።

የመጀመሪያው የእኩልነት ክርክር ነው። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የሌላውን ዓይን ቢያጠፋ ምን ይደረጋል? እጅ የሌለው የሌላውን እጅ ቢቆርጥስ? ሕጉ ለሁሉም አንድ መሆን አለበት ተብሏል፤ ቃሉ እንደተጻፈ ከተፈጸመ ግን አንዳንዱ ሰው ምንም የሚቀጣበት ነገር አይኖረውም። ካሳ ከሆነ ሁሉም ይከፍላል።

ሁለተኛው የልክ ክርክር ነው። የአንድን ሰው ዓይን ስታወጣ ሰውየው ደም ፈሶት ሊሞት ይችላል። ያኔ ዓይን በዓይን መሆኑ ቀርቶ ዓይንና ነፍስ በዓይን ይሆናል። በቀልን ሊገድብ የመጣ ሕግ ራሱ ልክ አለፈ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከተውራት ቃል የመጣ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ 35ኛ ምዕራፍ ነፍሰ ገዳይን ከሞት ለማዳን ቤዛ መቀበልን ይከለክላል። ረቢዎቹ ክልከላው ለምን ነፍስን ብቻ ለይቶ እንደጠቀሰ ጠየቁ። ለነፍስ ገንዘብ አይወሰድም ከተባለ፣ ለአካል ግን ይወሰዳል ማለት ነው ብለው ደመደሙ።

አምስቱ ክፍያዎች

ገንዘብ ይከፈል ማለት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ስንት የሚለው ነው። «ባባ ቃማ» የተባለው የሚሽና ክፍል ስምንተኛ ምዕራፍ በሰው ላይ አካላዊ ጉዳት ያደረሰ ሰው እስከ አምስት ነገሮች እንዲከፍል ይደነግጋል፦ ጉዳት፣ ሕመም፣ ሕክምና፣ ሥራ መፍታት እና ውርደት። አሠራሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ተጣልቶ የእርሻ ሠራተኛ የሆነውን ጎረቤቱን በድንጋይ መታው እንበል። ሠራተኛው ቀኝ እጁን አጣ፤ 60 ቀንም አልጋ ላይ ዋለ። የገንዘቡ ስም ዙዝ ነው። ከታች ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው።

መጀመሪያ የሚተመነው ጉዳቱ ነው። ዳኞቹ ሰውየው በባሪያ ገበያ ቢሸጥ ከጉዳቱ በፊት ስንት ያወጣ ነበር፣ አሁንስ ስንት ያወጣል ብለው ያሰላሉ። በፊት 2,000፣ አሁን 1,200 ዙዝ ከሆነ ልዩነቱ 800 ነው። ዛሬ የኢንሹራንስ ባለሙያ የመሥራት አቅም መቀነስ የሚለውን እነርሱ በዘመናቸው በነበረ ሚዛን ለኩት። ሚዛኑ የሚያስከፋ መሆኑ ለእነርሱም አልጠፋቸውም። ታልሙድ አህያ እጁን ስለነከሰው ሕፃን ይተርካል። ዳኛው ልጁን እንደ ባሪያ ገምቱት ሲል አባትየው ልጄ እንዲህ ሲዋረድ አልፈልግም፣ ካሳው ይቅርብኝ አለ። ዳኞቹ የልጁን መብት አንተ ልትተወው አትችልም አሉት። አባትየውም ልጄ ሲያድግ ከራሴ ገንዘብ አስደስተዋለሁ ብሎ መለሰ።

ሁለተኛው ሕመም ነው። ሚሽና እንደዚህ ያለ ሰው ያንን ሥቃይ ለመቀበል ምን ያህል ይጠይቅ ነበር ይላል። ታልሙድ ግን እጁን ለማስቆረጥ ዋጋ የሚቀበል ሰው የት አለ ብሎ ይሞግታል። ስለዚህ ጥያቄውን አስተካከለው። እጁ እንዲቆረጥ አስቀድሞ በመንግሥት የተፈረደበት ሰው፣ በሰይፍ ከሚቆረጥ ሕመም በማያሰማ መድኃኒት እንዲቆረጥለት ስንት ይከፍል ነበር? የሕመሙ ዋጋ ያ ነው። በምሳሌያችን 100 ዙዝ እንበለው።

ሦስተኛው ሕክምና ሲሆን እስኪድን ድረስ ይከፈላል። ቁስሉ ደርቆ ከድብደባው የተነሳ ደግሞ ቢያመረቅዝ እንደገና ይከፈላል። ፈጽሞ ከዳነ በኋላ ግን ክፍያው ይቆማል። እዚህ ላይ የታልሙድ ሊቃውንት የሰውን ጠባይ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ይታያል። ጥፋተኛው እኔው ራሴ ላክምህ ቢል ተጎጂው ሊቀበል አይገደድም፤ ያቆሰለውን ሰው እንዴት ይመነው? በነጻ የሚያክም ሐኪም አመጣልሃለሁ ቢለውም እምቢ ማለት ይችላል፤ የማይከፈለው ሐኪም ሥራውም ዋጋ የለውምና። ሩቅ አገር ያለ ሐኪም አመጣለሁ ካለም እስኪደርስ ዓይን ይጠፋል ይባላል። በሌላ በኩል ተጎጂው ገንዘቡን ስጠኝና ራሴን ላክም ቢል ጥፋተኛው እምቢ ሊል ይችላል፤ ራስህን ችላ ብለህ ኋላ ደግሞ ትጠይቀኛለህ የሚል ሥጋት አለውና። ለምሳሌያችን ሕክምናው 40 ዙዝ ፈጀ እንበል።

አራተኛው ሥራ መፍታት ነው። ለ60ው ቀን የሚከፈለው የእርሻ ሠራተኛ ደሞዝ አይደለም። የኪያር ማሳ ጠባቂ ደሞዝ ነው። ይህ ሲሰሙት ግፍ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የቀኝ እጁ ዋጋ በ800ው ውስጥ ተከፍሏል። እጅ የሌለው ሰው ደግሞ ጤነኛ ቢሆን ማሳ መጠበቅ ይችል ነበር፤ በ60ው ቀን ያጣው ይህንን ነው። ታልሙድ በዚሁ መንገድ እግሩ ለተሰበረ የበር ጠባቂ፣ ዓይኑ ለጠፋ ወፍጮ የሚያዞር ሰው ደሞዝ ይታሰብ ይላል። በቀን ግማሽ ዙዝ ብንል 30 ዙዝ ይመጣል።

አምስተኛው ውርደት ነው። ይህ የሚመዘነው በአዋራጁና በተዋረደው ሰው ማንነት ነው። ሌሎቹን ክፍያዎች ሰው ሳያስበው ባደረሰው ጉዳትም ሊጠየቅባቸው ይችላል፤ ውርደትን የሚከፍለው ግን አስቦ ካደረገው ብቻ ነው። ከጣሪያ ወድቆ ሰው ላይ ያረፈ ሰው ጉዳቱን ይከፍላል እንጂ ውርደትን አይከፍልም። የእኛ ሰው ግን በጠብ ነውና የመታው 130 ዙዝ እንጨምርበት። ድምሩ 1,100 ዙዝ ሆነ። በሚሽና ዘመን 200 ዙዝ ያለው ሰው ለድሆች ከእርሻ የሚተወውን ቃርሚያ መውሰድ አይፈቀድለትም ነበር፤ እንደ ድሃ አይቆጠርምና። 1,100 ዙዝ ለብዙዎች ከባድ ገንዘብ ነው።

አሁን ሁለቱን መንገዶች እናነጻጽር። የጥፋተኛው እጅ ቢቆረጥ ኖሮ መንደሩ ውስጥ እጅ የሌላቸው ሁለት ሰዎችና ዳቦ ያጡ ሁለት ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። በካሳው መንገድ ተጎጂው ሕክምናውን፣ የቤተሰቡን ቀለብና የወደፊት ኑሮውን የሚደግፍበት ገንዘብ አገኘ። ጥፋተኛውም ሁለት እጁን ይዞ ዕዳውን ሠርቶ ይከፍላል።

ፀጉሯ የተገለጠባት ሴት

የውርደት ካሳ በወረቀት የቀረ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ በዚያው የሚሽና ምዕራፍ ተመዝግቧል። ሒጃብ ለምታከብር አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባታል።

አንድ ሰው በገበያ መሐል የአንዲትን ሴት የራስ መሸፈኛ ገፍፎ ፀጉሯን ገለጠው። ሴትየዋ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታዋቂ ወደነበረው ዳኛ ወደ ረቢ አቂባ ሄደች። አካሏ ላይ የደረሰ ቁስል የለም፤ ሕክምናም ሥራ መፍታትም የለም። አቂባ ግን 400 ዙዝ ክፈል ብሎ ፈረደበት። ሰውየው ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ ለመነ፤ ተሰጠው።

ሰውየው በጊዜው የተጠቀመበት ለሌላ ነገር ነበር። ሴትየዋ በግቢዋ በር ቆማ ሳለ ምስክሮች አዘጋጅቶ፣ ጥቂት ዘይት ያለበትን ማሰሮ ፊቷ ሰበረ። የዘይቱ ዋጋ አንድ ኢሳር፣ ማለትም የአንድ ዙዝ ሃያ አራተኛ ነበር። ሴትየዋ የፈሰሰው ዘይት እንዳይባክን ራሷን ገልጣ በእጇ እየጠረገች ፀጉሯን ቀባች። ሰውየውም ተመልሶ፣ ለአንድ ኢሳር ዘይት ብላ ራሷን ለገለጠች ሴት ነው 400 ዙዝ የምከፍለው ብሎ ተከራከረ።

አቂባ ክርክሩን ውድቅ አደረገው። ሰው ራሱን መጉዳት ባይፈቀድለትም ራሱን ቢጎዳ አይከፍልም፤ ሌላ ሰው ቢጎዳው ግን ያ ሌላ ሰው ይከፍላል አለው። ሴትየዋ በራሷ ፈቃድ ያደረገችው ነገር ለሌላ ሰው እጅ ፈቃድ አይሆንም ማለት ነው። ድሃ መሆኗም ካሳውን አይቀንሰውም። የአቂባ አቋም ድሆችን ሁሉ ሀብታቸውን እንዳጡ ጨዋዎች መቁጠር ነበር፤ ሁሉም የኢብራሂም፣ የኢስሐቅና የያዕቆብ ልጆች ናቸውና። የሐሙራቢ ሕግ በመደብ የለየውን እዚህ በትውልድ አንድ አደረገው።

ታዲያ ባለጸጋ ጠብን በገንዘብ አይገዛም?

በካሳ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። በሮማ ሕግ ሰውን በጥፊ የመታ 25 አስ የሚባል የነሐስ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ዋጋው ግን ከዘመን ብዛት ወረደ። ሉኪዩስ ቬራቲዩስ የተባለ ባለጸጋ ያገኘውን ሰው በጥፊ እየመታ፣ የገንዘብ ከረጢት የያዘው ባሪያው እየተከተለ 25 አስ ይቆጥር እንደነበር የሮማ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

የአይሁድ ሕግ ለዚህ ያስቀመጠው መከላከያ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካሳው በአብዛኛው የሚተመነው በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። ለጥፊና ለምራቅ የተቀመጡት ቋሚ ተመኖችም ቢሆኑ እስከ 400 ዙዝ የሚደርሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሚሽና ጥፋተኛው የመጨረሻዋን ዙዝ ከፍሎም እንኳ ተጎጂውን ይቅርታ እስኪለምን ድረስ በአላህ ዘንድ አልተማረም ይላል። ተጎጂውም ጨካኝ ሆኖ ይቅርታ እንዳይነፍግ ይመከራል። ኋላ የመጣው ሙሳ ኢብን መይሙን ነገሩን ሲያጠቃልል፣ ጥፋተኛው በእውነቱ ያንኑ አካሉን ሊያጣ የሚገባው ሰው ነው፤ የሚከፍለውም ስለዚህ ነው ይላል። የተውራት ቃል በጥብቅ የተነገረው ክብደቱን ለማሳየት ነው ማለቱ ነው።

በሙስሊሙ ዓለም የቀጠለው ክርክር

ክርክሩ በታልሙድ አላበቃም። በአባሲዶች ዘመን ታልሙድን የማይቀበሉ ቀራዮች የተባሉ አይሁዶች ተነስተው ቃሉ እንደተጻፈ ይፈጸም ብለው ነበር። በግብፅ ተወልዶ በባግዳድ የአይሁድ መሪ የነበረውና በዐረብኛ ይጽፍ የነበረው ሰዕድያ አል-ፈዩሚ (882–942) ከአንዱ ጋር ተከራክሯል። ሰው ተመትቶ የዓይኑ ብርሃን ሲሶው ቢጠፋ፣ የትኛው ቀጪ ነው የሌላውን ዓይን መትቶ ሲሶውን ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊያጠፋ የሚችለው? ብሎ ጠየቀ።

በኮርዶባ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1204 በግብፅ ያረፈው፣ የሶላሁዲን አል-አዩቢ ባለሟሎች ሐኪም የነበረው ሙሳ ኢብን መይሙን ደግሞ አስደናቂ ነገር አድርጓል። በሕግ መጽሐፉ የካሳው ትርጉም ከነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ጀምሮ በፍርድ ቤት ሲሠራበት የኖረ ነው ብሎ ጽፏል። በዐረብኛ በጻፈው የፍልስፍና መጽሐፉ ግን የተውራቱን ቃል ምክንያት ሲያስረዳ ቃሉን እንደተነገረው ይወስደዋል። ሁለቱን እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል የአይሁድ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በተግባር ግን የአምስቱ ክፍያ ሥርዓት የራሱ ገደብ ነበረበት። ሙሉ የዳኝነት ሹመት በእጅ መጫን የሚተላለፈው በፍልስጤም ምድር ብቻ ነበር፤ ያ ሰንሰለት ሲቋረጥ የኋለኞቹ ዳኞች የጉዳት፣ የሕመምና የውርደት ካሳን የማስከፈል ሥልጣን የለንም አሉ። ሆኖም ጥፋተኛውን ዝም ብለው አልለቀቁትም። ተጎጂውን አስደስቶ እስኪስማማ ድረስ ከማኅበረሰቡ ያገልሉት ነበር። በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ኦሪትን በግዕዝ ይዘው ታልሙድ ሳይደርሳቸው ስለኖሩ፣ ከላይ ያየነው የረቢዎች ክርክር የእነርሱ ትውፊት አካል አልነበረም።

ከቂሳስ ጋር ሲተያይ

የኢስላም ሕግ የተለየ መንገድ ይዟል። ረቢዎቹ አካላዊ ቅጣቱን ከፍርድ ቤት ሲያወጡት፣ ሸሪዓ ቂሳስን የተጎጂው መብት አድርጎ አጽንቶ፣ ምርጫውን ለተጎጂው ሰጠ፦ ቂሳስ፣ ዲያ ወይም ይቅርታ። ሱረቱል ማኢዳህ 45 ሕጉን ባወሳበት አንቀጽ ውስጥ መብቱን ለአላህ ብሎ ለተወ ሰው ይህ ማበሻ እንደሚሆንለት ይጨምራል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አር-ሩበይዕ (ረ.ዐ) የአንዲትን ልጅ ጥርስ ሰብራ፣ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) የአላህ ፍርድ ቂሳስ መሆኑን ከተናገሩ በኋላ የልጅቷ ቤተሰቦች ወደው ቂሳሱን ትተዋል።

የአንድ ዓይን ዲያ የነፍስ ዲያ ግማሽ፣ ማለትም ከ100 ግመል 50 ነው፤ የአንድ ጥርስ አምስት ግመል ነው። ፉቀሃዎችም በአካል ላይ ቂሳስ የሚፈጸመው ልክ ሳይታለፍ መፈጸም ሲቻል ብቻ መሆኑን ደንግገዋል። ልኩን መጠበቅ በማይቻልበት የአጥንት ስብራት ብዙዎቹ ወደ ካሳ ይመለሳሉ። የሰዕድያ ጥያቄና የፉቀሃዎቹ ሸርጥ ከአንድ ጭንቀት የመነጩ ናቸው፤ በደልን በሚበልጥ በደል ላለመመለስ።

ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) በበኒ ኢስራኢል ዘንድ ለግድያ ቂሳስ እንጂ ዲያ እንዳልነበረ፣ ሱረቱል በቀራህ 178 ማቅለያና እዝነት ያለው ይህንን መሆኑን ማስረዳታቸው ቡኻሪ ዘንድ ተዘግቧል። ይህ ንግግር ከላይ ካየነው የኦሪት ዘኍልቍ ክልከላ ጋር ይገጥማል። ለነፍስ ቤዛ አይወሰድም የተባለው እዚያ ነው፤ ረቢዎቹም ለአካል ካሳን የፈቀዱት ከዚሁ ክልከላ ተነስተው ነው።

ስለዚህ «ዓይን በዓይን» ብሎ ለበቀል የሚነሳ ሰው ሕጉን ከየትኛውም ወገን አላገኘውም። በተውራትም ይሁን በረቢዎቹ ፍርድ ወይም በቂሳስ ሥርዓት ውስጥ ተበዳይ ብድሩን በራሱ እጅ አይመልስም። ጉዳዩን ወደ ዳኛ ይወስዳል፤ ዳኛውም ከጠፋው በላይ አንዲት ነገር እንዳይወሰድ ይጠብቃል።